ከባድ ስኳት ላይ ሳልደርስ ማሟሟቂያው ራሱ እየጨረሰኝ ነው፤ ምኑን ልተው?

ናቲ ጀሞ
ሰላም ለሁላችሁ። ስኳት የምሠራው በ120 ኪሎ 3 ዙር ነው፣ በየዙሩ 5 ጊዜ። ከዚያ በፊት ትሬድሚል ላይ 10 ደቂቃ እሮጣለሁ፣ ፎም ሮለር ላይ 10 ደቂቃ እንከባለላለሁ፣ ሌላ 10 ደቂቃ እግሬን አሳስባለሁ። እያንዳንዱን ለአንድ ደቂቃ ነው የምይዘው፤ ጎንበስ ብሎ ጣት መንካትም አለበት። ከዚያ ባዶ ባር 15 ጊዜ፣ 60 ኪሎ 12፣ 80 ኪሎ 10፣ 100 ኪሎ 8 ጊዜ። 120 ላይ ስደርስ ሦስተኛው ዙር አራተኛው ላይ ይቆምብኛል። ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ተኩል ነው፣ ከአልጋ ከወረድኩ 40 ደቂቃ አይሞላም። ዝቅ ስል ደግሞ ተረከዜ ትንሽ ይነሳል። የቱን ልተው?

ዳኒ ብረት
ማሳሳቡን ጠቅልለህ ተወው። የተሳሳበ ጡንቻ ይላላል፣ ኃይል ያጣል። ትሬድሚሉም ጊዜ ማባከን ነው። እኔ ባዶ ባር 10 ጊዜ፣ ከዚያ 70፣ ከዚያ 110፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራ። ሰባት ደቂቃ አይፈጅብኝም።

ሙሌ
ወንድሜ፣ ከስኳት በፊት ጉልበትህን በላስቲክ ጠበቅ አድርገህ እሰረው፣ ሕመሙ ይቀንስልሃል። እኔ ከኳስ ጉዳት በኋላ ያለ እሱ አልሠራም።

ናቲ ጀሞ
ሙሌ አመሰግናለሁ፣ ግን ጉልበቴን አያመኝም። ችግሬ ድካሙ ነው።

የሳሪሱ አሰልጣኝ
ናቲ፣ መጀመሪያ ቁጥሮችህን አብረን እንደምር። ባሩን ትተን 60 ኪሎ በ12፣ 80 በ10፣ 100 በ8 ብትመታቸው 2,320 ኪሎ ይመጣል። ዋናው ሥራህ 120 በ15፣ ማለትም 1,800 ኪሎ ነው። ለሥራው ብለህ የምታሟሙቀው ከሥራው በልጧል። ሦስተኛው ዙር ላይ የሚጥልህ በዋናነት ይሄ ይመስለኛል፤ ከትሬድሚሉና ከሮለሩ በፊት ይሄን አስተካክል።

ክብደቱ እየጨመረ ሲሄድ ቁጥሩ መውረድ አለበት። ባዶ ባር 8 ጊዜ ሁለት ዙር ሥራ። ከዚያ 60 ኪሎ 5፣ 80 ኪሎ 3፣ 100 ኪሎ 2፣ 110 ኪሎ 1 ጊዜ፣ ከዚያ 120። አሁን ከ60 ጀምሮ 30 ጊዜ ትቀመጣለህ፤ በዚህ 11 ብቻ ይሆናል፣ ሲባዛ 850 ኪሎ። ማሟሟቂያው ሊያስታጥቅህ እንጂ ሊያደክምህ አይገባም፤ ስለዚህ ቀላሉንም ክብደት ልክ እንደ 120 አድርገህ ያዘው፦ ትንፋሽህን ሆድህ ውስጥ አጥብቀህ፣ እግርህን እዚያው ቦታ ተክለህ፣ እስከዚያው ጥልቀት ወርደህ። በ60 ኪሎ ዝም ብሎ የሚዘል ሰው 120 ላይ ሲደርስ እንቅስቃሴው አዲስ ይሆንበታል። እስከ 80 ድረስ ክብደት ለመለወጥ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ አትረፍ። ከ100 በኋላ 2 ደቂቃ፣ ከ110 በኋላ 3 ደቂቃ ቁጭ በል።

ዳኒ፣ ስለ ማሳሳብ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጥሮ መያዝ ለጊዜው ኃይል ይቀንሳል፣ ቅነሳው ግን ትንሽ ነው። ለ15 ወይም ለ20 ሰከንድ የተያዘ፣ ከኋላው ባር የሚከተለው ደግሞ የሚጎዳህ ነገር የለም። ከ70 ወደ 110 መዝለሉ ግን ለናቲ አይሆንም። ገና ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ነው።

እንዲያውም ናቲ፣ በጠዋቱ ማሟሟቂያህ የማልወደው ያንን ጎንበስ ብሎ ጣት መንካት ነው። ሌሊት ስንተኛ በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ያሉት ዲስኮች ውሃ ስበው ይወጠራሉ፤ ከተነሳን በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ወገብን አጥብቆ ማጠፍ የበለጠ ይጫናቸዋል። እሱን ወደ ማታ ውሰደው። ትሬድሚሉን ከ10 ወደ 5 ደቂቃ ቀንስ፣ ሩጫውንም ፈጣን እርምጃ አድርገው። በጠዋቱ ብርድ ቀለል ያለ ላብ ግንባርህ ላይ ከታየ በቃህ። ሮለሩ ለጥቂት ደቂቃ ቀለል ያለ ስሜት ይሰጣል፣ ቶሎም ይጠፋል። ከወደድከው አንድ ደቂቃ፣ ካልወደድከው ዝለለው።

ሰብለ
ጋሼ፣ ይቅርታ የናቲን ጥያቄ ላቋርጥና፣ እኔ የምሠራው በ50 ኪሎ ነው። እኔም ስድስት ዙር ማሟሟቅ አለብኝ?

የሳሪሱ አሰልጣኝ
የለብሽም እህቴ። ባዶ ባር 8 ጊዜ፣ 35 ኪሎ 4 ጊዜ፣ 45 ኪሎ 1 ጊዜ ይበቃሻል። ክብደቱ ሲያንስ ደረጃውም ያንሳል። ብቻ የጂምሽን ባር አንዴ በሚዛን እይው። 20 ኪሎ ነው እየተባለ 15 የሚመዝን አጋጥሞኛል፤ በአንቺ ክብደት 5 ኪሎ ትልቅ ልዩነት ነው።

ኪያ ከዋሽንግተን
እኔ 110 ላይ አልቆምም። አንድ ጊዜ ብቻ 125 እወጣለሁ፣ ከዚያ ወደ 120 እመለሳለሁ። 120ው ሲቀለኝ ይሰማኛል። ለምን አትመክረውም?

የሳሪሱ አሰልጣኝ
ይሠራል የሚሉ አሉ፣ አንዳንዱ ሰው ላይ አይቼዋለሁም። ነገር ግን ሦስተኛው ዙር ላይ ለሚወድቅ ሰው ሌላ ከባድ ማንሳት አልጨምርበትም። ዙሮቹን ሳያቋርጥ ከጨረሰ ከወር በኋላ ይሞክረው።

ናቲ፣ ወደ ተረከዝህ። ጫማህን አውልቀህ ከግድግዳ 10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ጣትህን አስቀምጥ፤ ተረከዝህ ሳይነሳ ጉልበትህ ግድግዳውን ይንካ። ከነካ ቁርጭምጭሚትህ ደህና ነው፣ ለእሱ የምታባክነው ጊዜ የለም። ካልነካ ያንኑ ልምምድ በየእግሩ 10 ጊዜ በባዶ ባሮቹ መካከል አድርግ። ሌላው መፈተሻ ሁለት ባለ 2.5 ኪሎ ሳህኖች ተረከዝህ ስር አድርጎ በባዶ ባር መቀመጥ ነው። ደረትህ ቀና ብሎ በቀላሉ ከወረድክ ችግሩ ቁርጭምጭሚት ነው። ምንም ካልተለወጠ ወይ ዳሌ ነው ወይ የእግርህ አቋቋም።

ናቲ ጀሞ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
በነገራችሁ ሠራሁ። ከገባሁ ጀምሮ 120 እስክሸከም 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው፣ በፊት ከ45 በላይ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሦስቱንም ዙር ጨረስኩ። ትናንት አርፍጄ 80ን እና 110ን ዘለልኩ፤ የመጀመሪያው ዙር ከሁለተኛው ይልቅ ከበደኝ። የግድግዳውን ፈተና ቀኝ እግሬ አለፈ፣ ግራው ሁለት ጣት ያህል ይቀረዋል። በልጅነቴ በኳስ የዞረ እግር ነው።

የሳሪሱ አሰልጣኝ
የትናንቱ ምልክት ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ከሁለተኛው ከከበደ ማሟሟቂያው አንሷል። የመጀመሪያው ቀሎህ የመጨረሻው ከፈረሰ ደግሞ በዝቷል ብለህ ጠርጥር። ስትቸኩል ትሬድሚሉን ዝለልና ባዶ ባሩን አንድ ዙር ጨምር፣ 110ን ግን አትዝለል።

ስለ ግራው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጉልበትህን ወደ ግድግዳው ስትገፋ የሚይዝህ የት ነው? ከኋላ ባትህ ከተወጠረ ልምምዱን ቀጥል። ከፊት፣ እግርህ ከቅልጥምህ ጋር የሚገናኝበት ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግህ ከሆነ ግን ማሳሳብ አይፈታውም። እሱን ፊዚዮቴራፒስት ይይልህ፤ እስከዚያ ሳህኖቹን ተረከዝህ ስር አድርገህ ባዶ ባር ላይ ብቻ ተለማመድ፣ 120 ተሸክመህ ግን ሳህን ላይ አትቁም።

ናቲ ጀሞ
ከፊት ነው።

ሙሌ
የኔም እዚያው ነበር። አንተ ካሳየኸው በኋላ የሚሉህን እዚህ ጻፍልን።