«ጧሪ አላቸው» የተባሉት እማማ

የሽሮሜዳ ልጅ፦ ጎረቤታችን እማማ 74 ዓመታቸው ነው። የሴፍቲኔት ዝርዝር ሲለጠፍ «ልጅ አላቸው» ተብለው ቀሩ። ልጃቸው የቀን ሠራተኛ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጀራ ሸጠው ነው የኖሩት፣ መዋጮ የሚባል ነገር አያውቁም። ለእንዲህ ዓይነት ሰው መንግሥት በየወሩ ይክፈል? ከከፈለስ ለአረጋዊ ሁሉ ነው ወይስ ለደሀው ብቻ?

ጡረተኛው፦ ከእኔ ደመወዝ 31 ዓመት ሙሉ ተቆርጧል። ዛሬ የማገኘው ጡረታ ከቤት ኪራይ አያልፍም። መጀመሪያ የእኛን ያስተካክሉ! ሳይከፍሉ መቀበል እንዴት ነው?

ሳሮን፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ጥያቄ ልክ ነው፣ ግን ሌላ ነው። የእርስዎ ጡረታ የሚመጣው ከመዋጮ ነው። እዚህ የተጠየቀው ከግብር ስለሚከፈል ገንዘብ ነው። ደግሞ እማማ አልከፈሉም ያለው ማነው? ሳሙና በገዙ ቁጥር ዋጋው ውስጥ ግብር አለ።

የኮሚቴ ሰው የነበርኩ፦ ምልመላ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ኮታ ከላይ ይመጣል። ለ60 ቤተሰብ ቦታ ይሰጥህና የሚገባው ከ100 በላይ ይሆናል። ያኔ ኮሚቴው መቀነሻ ይፈልጋል። «ጧሪ አለው» የሚባለው ሰነድ ስለማይጠይቅ ቀላሉ መቀነሻ ነው። ጎረቤት ሁሉ ልጁን ያውቀዋል፣ ደመወዙን ግን ማንም አያውቅም።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በ1997 የተጀመረው የገጠሩ ሴፍቲኔት የሚያየው ዕድሜን አይደለም፣ ቤቱ ውስጥ ጉልበት መኖሩን ነው። ጉልበት ያለው ቤት ለስድስት ወር በሕዝብ ሥራ ይገባል። ጉልበት የሌለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል፣ ዓመቱን ሙሉ። የከተማውም አካሄድ በመሠረቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ልጁ አብሮ ከተመዘገበ ቤቱ ጉልበት አለው ይባላል፣ የእማማ 74 ዓመት ብቻውን ምንም አይቆጥርም። አሮጊቷ የተቀነሱት በልጃቸው ጡንቻ ነው።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ የቅሬታ ጊዜ አለ። «ደሀ ናቸው» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፣ ሁሉም ደሀ ነኝ ነው የሚለው። ልጁ አብሯቸው ይኖራል ወይስ የራሱ ጎጆ አለው? ወሳኙ እሱ ነው።

ናይሮቢ ያለሁ፦ ኬንያ ይሄን ጣጣ በዕድሜ ቆርጣዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሌላ ጡረታ የሌለው የ70 ዓመት ሰው ሁሉ በወር 2,000 ሽልንግ ያገኛል። ልጅ አለህ፣ የለህም ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛም እንዲህ ብናደርግ አለቀ።

የኮሚቴ ሰው የነበርኩ፦ አላለቀም ወንድሜ። እዚያው ኬንያ ከመጀመሪያው ምዝገባ በኋላ 70 የሞላቸው ለዓመታት ሳይመዘገቡ ቆይተዋል። ክፍያውም ይዘገያል፣ የሁለት ሦስት ወሩ ተጠራቅሞ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ዕድሜ ቀላል መስፈርት የሚመስለው ማስረጃ ሲኖር ነው። ኡጋንዳ ውስጥ መታወቂያ ላይ በስህተት ወጣት የተደረጉ ሽማግሌዎች ክፍያው ቀርቶባቸዋል። የእኛ አያቶችስ? «በ66ቱ አብዮት ጊዜ ሦስተኛ ልጄን አርግዤ ነበር» ነው የሚሉት። መዝጋቢው ከዚያ ተነስቶ ይገምታል። አምስት ዓመት ከሳተ ያ ሰው ለአምስት ዓመት ተሰረዘ ማለት ነው።

ሳሮን፦ እኔ ግን አሁንም በዕድሜ ይሁን ባይ ነኝ። የመታወቂያ ስህተት ይታረማል። የኮሚቴ ኩርፊያ ግን የት ይታረማል? የወ/ሮ እገሊት ዘመድ ስትገባ ዓይናችን እያየ።

ሒሳብ ወዳዱ፦ እስቲ በምሳሌ እናስላው። አንድ ሚሊዮን አረጋዊ፣ በወር 500 ብር። በዓመት ስድስት ቢሊዮን ብር ነው፣ የማከፋፈያውን ወጪ ሳንጨምር። ሸክሙን ለመቀነስ ዕድሜውን ወደ 80 ትገፋዋለህ። ኡጋንዳ ወደ መላ አገሪቱ ስታስፋፋው ያደረገችው ይሄንን ነው። ግን ዕድሜ ልኩን ጭነት የተሸከመ ሰው 80 አይደርስም። የሚደርሰው የተሻለ የኖረው ነው። ስለዚህ «ለሁሉም» ያልነው ቀስ ብሎ ደሀውን ይተወዋል። እኔ 65 ሆኖ ለደሀው ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ኮሚቴው ቢያበሳጨኝም።

ናይሮቢ ያለሁ፦ 500 ብርም ቢሆን በሁለት ዓመት ዋጋው ግማሽ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ትግራይ ውስጥ በዓቢይ ዓዲና በሕንጣሎ ወጀራት የተሞከረው ድጋፍ መነሻው ለአንድ ቤተሰብ በወር 155 ብር ነበር። ዛሬ 155 ብር ስንት እንጀራ ይገዛል?

ጡረተኛው፦ አያችሁ፣ የእኔም ችግር ይኸው ነው! በኑሮ ውድነት አይስተካከልም። በዚህስ ከእማማ ጋር ነኝ።

የሽሮሜዳ ልጅ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከእማማ ጋር ቅሬታ ልናስገባ ሄደን ነበር። ማሽኑ አሻራቸውን አላነበበም። ስንት ዓመት ምጣድ ላይ የዋለ ጣት ነው። ነጠላቸው ላይ ጠርገው ሦስቴ ሞከሩ፣ እምቢ አለ። ጉዳዩ ለሐሙስ ተቀጥሯል። ልጁም «ስሜን ከቤቱ አስወጡኝ» ብሏል። ችግሩ የቀበሌ ቤቱ ውል በእሱ ስም ነው። እሱ ከወጣ ቤቱ ለእናቱ ይዛወራል ወይስ ይወሰዳል? ይሄን የሚያውቅ ካለ ከሐሙስ በፊት ይንገረኝ።