ነጭ ኩባያ በነጭ ወረቀት ላይ፦ ምስሉን ሳፈካው ጠርዙ ይጠፋብኛል

ሰላም፣ አንድ ነገር አልፈታ ብሎኛል። ለሽያጭ የሚሆን ነጭ ኩባያ በስልክ እያነሳሁ ነው። ጠረጴዛው ከመስኮቱ አንድ ሜትር ይርቃል፤ ብርሃኑ ከግራ ይገባል፣ ቀጥታ ፀሐይ እንዳይመታው ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርጃለሁ። ወረቀቱ ከግድግዳው ወደ ጠረጴዛው ሳይታጠፍ ስለሚወርድ ከኋላ መስመር አይታይም። አምፖሉንም አጥፍቻለሁ፤ ሲበራ የኩባያው አንድ ጎን ቢጫ ይመስላል።

ችግሩ ወረቀቱ ግራጫ ሆኖ መውጣቱ ነው። ምስሉ በሙሉ ነጭ ሲሆን ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት እንደሚያጨልም አውቃለሁ። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ኩባያው ያለበት ቦታ ጣቴን አቆይቼ ፎከሱን እቆልፍና የፀሐይዋን ምልክት ወደ ላይ እገፋለሁ። ወረቀቱ ይነጣል፤ ግን በመስኮቱ በኩል ያለው የኩባያው አፍ ከወረቀቱ ጋር ተዋህዶ ይጠፋል። በቀኝ ያቆምኩት ነጭ ካርቶንም ጥላውን ቢያለሰልስም ያኛውን ጠርዝ ጭምር አደበዘዘው።

ካርቶኑን በጥቁር ልተካው? የኩባያው ጎን ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር የሚያወጣ ይመስለኛል፤ ግን ምን ያህል ላስጠጋው? በመስኮቱ በኩልስ ባቆም ብርሃኑን አይከልልብኝም? ወይስ ነጩን ትቼ ፈካ ያለ ግራጫ ወረቀት ልጠቀም? የሞከራችሁት ካላችሁ ርቀቱን ጭምር ንገሩኝ።