እርዳታ! ሦስት በተን አለኝ፣ ሰው የቱን እንደሚነካ ግራ ገባው

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)
አቦ ድረሱልኝ! ለሱቆች የዕቃ መመዝገቢያ አፕ እንሸጣለን። ድረ ገጻችን ላይ «ይወቁ»፣ «ይሞክሩ»፣ «ይግዙ» የሚሉ በተኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሰው ይገባና ደውሎ «አሁን የቱን ልንካ?» ይለኛል። ማስታወቂያው ነገ ጠዋት ይለቀቃል!

የሳቢያን ልጅ
ቀላል ነው። «ይግዙ»ን አረንጓዴ፣ ሌሎቹን ግራጫ አድርጋቸው። አለቀ።

መጋላ
ከሰዓት በርጫ ላይ ያለ ሰው ሦስቱንም ነው የሚነካው 😄

የሐረር ቡና
እኔ ቡና ነው የምሸጠው። «ይግዙ» ብቻ አለኝ፣ ማንም ግራ ገብቶት አያውቅም። ሁለቱን አጥፋቸው።

ገጽ ሠሪው
ወንድሜ፣ ሦስቱ ሲነኩ የት የት ይወስዳሉ?

ጠያቂ
«ይወቁ» ቪዲዮ ይከፍታል። «ይሞክሩ» እና «ይግዙ» ያው የምዝገባ ቅጽ ናቸው። መጨረሻው ላይ በቴሌብር ያስከፍላል። ሙከራው 14 ቀን ነጻ ነው፣ ግን ክፍያው ቀድሞ ነው።

ገጽ ሠሪው
እንግዲያው ቀለም ቢቀየርም አይድንም። ሁለት ቃል አንድ በር ይከፍታል። ሊሞክር የገባው ሰው ክፍያ ሲያይ ተታለልኩ ብሎ ይወጣል።

ዛሬ ማታ ክፍያውን ከሙከራው ቅጽ አውጣና 14ኛው ቀን ላይ አፑ ውስጥ ጠይቀው። ከዚያ ገጹ ላይ አንድ በተን ብቻ ተው፤ ሲነካ የሚሆነውን ይናገር። ቪዲዮውን ከሥሩ ተራ ሊንክ አድርገው፦

```html
<a class="btn" href="/signup">14 ቀን በነጻ ይጀምሩ</a>
<a href="/video">አሠራሩን በቪዲዮ ይዩ</a>
```

ገጹ ግርጌ ላይ ስትደግመውም ቃሉን አትለውጥ፤ ሌላ ነገር ይመስላቸዋል። «ይግዙ» የዋጋ ገጹ ላይ ይቀመጥ፣ ወስኖ የመጣ እዚያ ያገኘዋል።

የቡናው ወዳጃችን ለራሱ ልክ ነው፤ እሱ ጋ የሚሞከር ነገር የለም።

ደወል
እኔ አልስማማም። እዚህ ታይዋን ገበያ ያለ ነጋዴ ነጻ ሲባል ይጠራጠራል። ስንት ብር እንደሆነ ሳያውቅ ስልኩን አይሰጥህም። ችግሩ በተኑ ሳይሆን ዋጋው መደበቁ ነው። ደግሞ ሰው እየደወለልህ ከሆነ «ይደውሉ» የሚል በተን አድርግለት!

ገጽ ሠሪው
የዋጋው ነገር እውነት ነው፣ ከበተኑ ሥር በአንድ መስመር ጻፈው። «ይደውሉ» ግን ያው ሌላ በተን ሆኖ ግራ መጋባቱን ይመልሰዋል። ስልክ ቁጥሩ ላይኛው ጥግ ላይ ይበቃዋል።

ከመልቀቅህ በፊት አፑን አይቶ ለማያውቅ ባለሱቅ ገጹን በስልክ አሳየውና፣ ሳይነካ «ይሄን ብትነካ ምን የሚመጣ ይመስልሃል?» በለው። መልሱ ከሚከፈተው ጋር ካልገጠመ ቃሉን ቀይረው። በኋላም የነኩትን ብቻ አትቁጠር። «ነጻ» ሲባል የሚነካው ይበዛል፤ ቅጹን ጨርሶ የመጀመሪያ ዕቃውን ያስገባው ነው የሚቆጠረው።

ጠያቂ
ክፍያውን እያወጣሁ ነው። ሸሪኬ ግን «ይግዙ» ከፊት ከጠፋ ሽያጭ ይሞታል ብሎ ድርቅ ብሏል።

የሳቢያን ልጅ
አረንጓዴውስ?