የፌስቡክ አካውንቴ ታገደ፤ 180 ቀን ሲል ምን ማለቱ ነው?

ባና ሻጭ፣ መሐል ሜዳ፦ ሰላም ናችሁ። ባናና በርኖስ በኢንተርኔት ነው የምሸጠው። ትናንት አካውንቴ ውስጥ ልገባ ስል "We suspended your account" አለኝ፤ ከሥሩ "180 days left to appeal" ይላል። ምክንያቱ "account integrity" ነው። የለጠፍኩት የባና ፎቶ ብቻ ነው። 180 ቀን ስጠብቅ ራሱ ይከፈታል? የአካውንቱ ስም የሱቄ ስም ነው።

የጣርማበር ልጅ፦ ኧረ እንዳትጠብቂ! 30 ቀን ካለፈ ጭራሽ ይጠፋል። እስከዚያ አዲስ ክፈቺ።

ኮምፒውተር ቤት፣ ደብረ ብርሃን፦ አለመጠበቁ ልክ ነው፤ 30 ቀን ግን የድሮው ነው። ፌስቡክ አሁን 180 ቀን ይሰጣል። እሱም የይግባኝ ማቅረቢያ ጊዜ ነው እንጂ የቅጣት ጊዜ አይደለም፤ ዝም ካልሽ በመጨረሻው ላይ ለዘለቄታው ይዘጋል። አዲስ አትክፈቺ እህቴ፣ እሱም ተከትሎ ሊዘጋ ይችላል።

ፎቶሽ ላይ ምንም አላሉም። ያ ምክንያት "ይህ አካውንት የእውነተኛ ሰው ነው ወይ?" የሚል ጥርጣሬ ነው። በግል አካውንት የሚጻፈው የሰው ስም ነው፤ የሱቅ ስም ለፔጅ ነው የሚሆነው። የጠረጠርኩት እሱን ነው።

"Appeal" የሚለውን ስትነኪ በስልክሽ ኮድ ይልካል፣ ቀጥሎ የፊትሽን ቪዲዮ ወይም መታወቂያ ሊጠይቅሽ ይችላል። መታወቂያ ካለ ስምና የልደት ቀን ይመሳከራል። ልደትሽን እንዴት ነበር የሞላሽው?

ባና ሻጭ፣ መሐል ሜዳ፦ ጥር 1988፣ የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ እንዳለው።

ኮምፒውተር ቤት፣ ደብረ ብርሃን፦ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፌስቡክ 1988ን በፈረንጅ ነው የሚያነበው፤ ያንቺ ጥር 1988 በነሱ 1996 ነው። ፋይዳ ካለሽ እሱን ላኪ፤ ስሙ በእንግሊዝኛም አለው፣ ልደቱም በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል። በጥሩ ብርሃን፣ አራቱም ጠርዝ እየታየ አንሺው።

ሸዋሮቢት፦ ለእኔም በሜሴንጀር "ገጽህ በ24 ሰዓት ይዘጋል" የሚል መጥቷል። ሊንኩን ልንካው?

ኮምፒውተር ቤት፣ ደብረ ብርሃን፦ እንዳትነካው፣ ሌባ ነው! አንተ እኮ አካውንትህ ውስጥ ገብተህ ነው መልእክቱን ያነበብከው። እውነተኛው እገዳ ልትገባ ስትል ደጃፉ ላይ ነው የሚገጥምህ፤ የይለፍ ቃልህንም በሜሴንጀር ማንም አይጠይቅህም።

የጣርማበር ልጅ፦ በቴሌግራም በብር የሚያስከፍቱ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ኮምፒውተር ቤት፣ ደብረ ብርሃን፦ የሚመጣልሽን ኮድ ለማንም አትስጪ። ኮዱን የያዘ አካውንቱን ያዘ።

ባና ሻጭ፣ መሐል ሜዳ፦ የሱቁ ስም ከመታወቂያዬ ጋር አይገጥምም፤ ታዲያ እምቢ ቢሉኝስ?

ኮምፒውተር ቤት፣ ደብረ ብርሃን፦ እሱን እርግጠኛ ሆኜ አልነግርሽም። በፊት ቪዲዮ ብቻ የተከፈተላቸው አሉ፣ ያልተከፈተላቸውም አሉ። ውድቅ ካደረጉት ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ይግባኝ የለም። ስለዚህ "Appeal" ከመንካትሽ በፊት እዚያው ገጽ ላይ "Download your information" የሚለውን ፈልጊ። የባናዎቹን ፎቶና ከደንበኞችሽ ጋር የተጻጻፍሽውን በእሱ አውርጂ።