ጥቆማ፦ ከፋይናል ስንት ማምጣት እንዳለብኝ የሚያሰላልኝ የቱ ይሻላል?

የሁለተኛ ዓመቷ፦ ሰላም ናችሁ? ስታትስቲክስ ላይ ሚድ 21 ከ30፣ አሳይመንት 16 ከ20 አለኝ። ፋይናሉ ከ50 ነው። ቢ ፕላስ ፈልጌ RogerHub ላይ ስሞላው 113 ያስፈልግሻል አለኝ። ከመቶ በላይ ማን አምጥቶ ያውቃል? ሌላ አፕ ወይም የቴሌግራም ቦት የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ቺስታው፦ አፕ ምን ያደርግልሻል። 37 ከ50 ማለት 74 ከመቶ ነው። ፋይናሉንም 75 ከመቶ ከሠራሽ ቢ ፕላስ ነው፣ አለቀ።

የማታ ተማሪ፦ እኔ ስልኬ ላይ ሲጂፒኤ የሚያሰላ አፕ አለኝ። ክሬዲት አወሩንና ግሬዱን ማስገባት ብቻ ነው። ማስታወቂያው ግን ያሰለቻል።

ላብ አሲስታንቱ፦ የማታ ተማሪ፣ ያንተ አፕ ግሬድ ከወጣ በኋላ ነው የሚጠቅመው፣ እሷ ገና አልተፈተነችም። ቺስታው፣ አላለቀም፤ የ50 ሦስት አራተኛው 37.5 ነው፣ 37 ስትጨምርበት 74.5 ይመጣል፣ ቢ ፕላስ ደግሞ ከ75 ነው የሚጀምረው። በግማሽ ነጥብ ቢ ልታስታቅፋት ነው። እህቴ፣ ድረ ገጹ አልተሳሳተም። Current grade የሚለው ላይ 37 ብለሽ ሞልተሻል አይደል? እሱ የሚፈልገው እስካሁን ከተፈተንሽው ውስጥ በመቶኛ ስንት እንዳመጣሽ ነው፣ ስለዚህ 74 በይው። 76 ይልሻል። 76ቱም ከመቶ ነው፣ ወረቀትሽ ላይ 38 ከ50 ማለት ነው። እኛ አገር ውጤቱ ተደምሮ ስለሚመጣ 75 ሲቀነስ 37 ብትይም ያው 38 ነው። እኔ ግን ጉግል ሺትን እመርጣለሁ፤ ሚድ B1፣ አሳይመንት B2፣ የፋይናሉ ድርሻ B3፣ የምትፈልጊው B4 ላይ ይግባና፦

```
=(B4-SUM(B1:B2))/B3*100
```

B4ን መቀያየር ነው። ከ100 ካለፈ ያ ግሬድ በዚህ ፈተና አይደረስም።

የሁለተኛ ዓመቷ፦ ውይ፣ እውነትም 37 ነበር የሞላሁት! አሁን ለኤ ማይነስ 86 አለኝ፣ 43 ከ50 መሆኑ ነው። ለኤ 48። ኤውን ተውኩት። ቦቶቹስ?

ቺስታው፦ እሺ ተሸነፍኩ። ቦት ግን ተጠንቀቂ። እኔ የሞከርኩት የአሜሪካን ስኬል ይዞ 90ን ኤ ማይነስ ብሎኛል፣ እኛ ጋ ኤ ፕላስ የሆነውን! መጀመሪያ 80 ምንድነው ብለሽ ጠይቂው፣ ኤ ማይነስ ካላለ ዝጊው።

ላብ አሲስታንቱ፦ ፈተናው ከ60 ተዘጋጅቶ ወደ 50 የሚቀየር ከሆነም 38ቱ 45.6 ይሆናል። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን እዪ።

የማታ ተማሪ፦ 74.5 ያመጣ ሰው ግን ወደ 75 አይጠጋለትም እንዴ? የኛ መምህር ያደርጋል።

ቺስታው፦ የኛው ሲለመን ጭራሽ ተቆጣ።

የሁለተኛ ዓመቷ፦ እኔ 40 ብዬ ነው የማጠናው።