ሲቪ ለየማስታወቂያው ልጻፍ ወይስ ሦስት ይዤ ልቀመጥ?

ሰላም ለእናንተ። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የሒሳብ ሥራ እያመለከትኩ ነው። ቦታዎቹ ፋብሪካ፣ ባንክና ግብረ ሰናይ ድርጅት ናቸው። በየማስታወቂያው ልክ አዲስ ሲቪ መጻፍ ጊዜ ይበላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ሲነካካ የመደቡ ስም ወይም ቀኑ ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ጋር ይጋጫል፤ አመሳካሪው ከሁለቱ የቱን ይመን?

ስለዚህ ሦስት ቅጂ ይሻላል ባይ ነኝ። ያው አንድ ሥራ ለፋብሪካ የቢን ካርድና የዕቃ ቆጠራ ማስታረቅን ያስቀድማል፤ ለባንክ የጥሬ ገንዘብ ቁጥጥርን፤ ለግብረ ሰናይ የበጀት አጠቃቀም ሪፖርትን። ስም፣ ቀንና መደብ በሦስቱም አንድ ናቸው፤ እነሱን የማርመው በአንድ ዋና ፋይል ላይ ብቻ ነው።

የተጣበቅኩት ፋብሪካው ላይ ነው። ቢራ ፋብሪካ ኤክሳይስ ታክስ የሚያውቅ ይፈልጋል፤ ልብስ ስፌት ደግሞ የአንድ ሸሚዝ የማምረቻ ወጪ የሚያሰላ። ሁለቱንም በአንድ ቅጂ ባጭቅ ለሁለቱም የላላ ይሆናል። መግቢያውን ሁለት መስመርና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ተግባራት ብቻ ብቀያይር ይበቃል? ወይስ አራተኛ ቅጂ ይለይለት? በተለይ ፋብሪካ ውስጥ ሲቪ የምታጣሩ፣ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው የት ነው?