ክፍት ቅርንጫፍ ላይ አንድ ፊደል ሲጎድል አፍራሽ ምሳሌውን እንዴት ነው የምናነበው?

ጥያቄ (ሰላማዊት)፦ p → q፣ r → s እና q ∨ s ከተሰጡ p ∨ r ይከተላል ወይ የሚለውን በሴማንቲክ ታብሎ እየፈተሽሁ ነው። የመደምደሚያውን አሉታ ጨምሬ ሁሉንም ፎርሙላዎች አፍታታሁ። 8 ቅርንጫፎች ወጡ፤ አንዱም አልተዘጋም። ከእነርሱ በሁለቱ ላይ s የሚባል ፊደል ብቻውን ቆሞ ከነጭራሹ አይገኝም። 8 አፍራሽ ምሳሌዎች አሉኝ ማለት ነው? s በሌለበት ቅርንጫፍ ላይስ ለ s ምን ዋጋ ልስጠው?

ዮናታን፦ ሙግቱ ቫሊድ አይደለም፤ ለዚህ አንድ ክፍት ቅርንጫፍ ብቻ ይበቃ ነበር። ቅርንጫፉ ላይ የማይገኝ ፊደል ሐሰት ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ምክንያቱም እውነት ቢሆን ኖሮ ቅርንጫፉ ላይ ተጽፎ እናገኘው ነበር። እያንዳንዱ ክፍት ቅርንጫፍ የራሱ አፍራሽ ምሳሌ ስላለው ቁጥሩም 8 ይሆናል።

መምህር ገብረ ሥላሴ፦ ዮናታን ለ s ሐሰት ቢሰጡ የሚገኘው ምሳሌ በእርግጥ ይሠራል፤ የሰጡት ምክንያት ግን አይሠራም። ቅርንጫፉ ስለ s ዝም ካለ s ሐሰት ነው ማለቱ ሳይሆን s የፈለገውን ቢሆን ግድ የለኝም ማለቱ ነው። ይህን ለማየት ዛፉን እንደገና እንሥራው፤ ሳይከፈል የሚፍታታውን መጀመሪያ እናፍታታ።

```
1.  p → q
2.  r → s
3.  q ∨ s
4.  ¬(p ∨ r)
5.  ¬p            (ከ 4)
6.  ¬r            (ከ 4)
       /    \
7.    q      s    (ከ 3)
```

የግራውን ቅርንጫፍ ይዘን ከታች ወደ ላይ እንውጣ። ቅርንጫፉ ላይ ብቻቸውን የቆሙት ¬p፣ ¬r እና q ናቸው፤ ስለዚህ p ሐሰት፣ r ሐሰት፣ q እውነት እንላለን። p ሐሰት በመሆኑ ብቻ p → q እውነት ሆነ። r ሐሰት በመሆኑ ብቻ r → s እውነት ሆነ፤ እዚህ ላይ s ምንም ሥራ እንዳልሠራ ልብ ይበሉ። q እውነት በመሆኑ q ∨ s እውነት ሆነ፤ አሁንም s አላስፈለገም። p ∨ r ደግሞ ሐሰት ነው። እንግዲህ s እውነትም ይሁን ሐሰት ሦስቱ መነሻ ሐሳቦች እውነት፣ መደምደሚያው ሐሰት ሆነው ይቆያሉ። ይህ አንድ ቅርንጫፍ ሁለት አፍራሽ ምሳሌዎችን በአንድ ጊዜ ይዟል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው እንምጣ። ሰላማዊት፣ የእርስዎን 8 ቅርንጫፎች በላያቸው በሚገኙት ነጠላ ፊደላት ብንለያቸው በሁለቱ ላይ q ብቻ፣ በሁለቱ ላይ s ብቻ፣ በቀሩት አራቱ ላይ ደግሞ q እና s አብረው ይገኛሉ፤ ¬p እና ¬r ግን በሁሉም ላይ አሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጡት የተለያዩ የዋጋ አሰጣጦች ሦስት ብቻ ናቸው፤ p እና r ሐሰት ሆነው q እና s ሁለቱም እውነት የሆኑበት፣ q ብቻ እውነት የሆነበትና s ብቻ እውነት የሆነበት። 16 ረድፍ ያለውን የእውነት ሰንጠረዥ ቢሠሩም መነሻዎቹ እውነት ሆነው መደምደሚያው ሐሰት የሚሆንባቸው እነዚሁ ሦስት ረድፎች ናቸው። የቅርንጫፎች ቁጥር ፎርሙላዎቹን ያፍታታንበትን መንገድ እንጂ የአፍራሽ ምሳሌዎችን ብዛት አይነግረንም። አንድ ቅርንጫፍ ብዙ ረድፎችን ሊሸፍን ይችላል፤ ብዙ ቅርንጫፎችም አንዱን ረድፍ ደጋግመው ሊሸፍኑ ይችላሉ።

ዳዊት፦ የእኔም ችግር ተመሳሳይ ይመስለኛል። (p → q) ∨ (q → p) ቫሊድ መሆኑን በሰንጠረዥ አረጋግጫለሁ። በታብሎ ስሠራው ግን 4 ቅርንጫፎች ወጡ፤ ¬p፣ q፣ ¬q እና p በየብቻቸው፤ ሁሉም ክፍት ናቸው። ከመጀመሪያው ቅርንጫፍ p ሐሰት የሚል አፍራሽ ምሳሌ አነበብሁ፤ ወደ ፎርሙላው መልሼ ሳስገባው ግን ፎርሙላው እውነት ሆነ። ዘዴው ለዚህ ዓይነቱ ፎርሙላ አይሠራም ማለት ነው?

ህሊና፦ ዳዊት፣ የእርስዎ ጉዳይ የተለየ ነው። ዛፉን የጀመሩት በራሱ በፎርሙላው ነው፤ ስለዚህ ክፍቶቹ ቅርንጫፎች የሰጡዎት ፎርሙላው እውነት የሚሆንባቸውን ሁኔታዎች ነው። ያነበቡት ምሳሌ ፎርሙላውን ሳያፈርሰው የቀረውም ለዚህ ነው። ታብሎ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ከላይ የተጻፈው ሁሉ በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ ነው። አፍራሽ ምሳሌ የምንፈልግ ከሆነ ከላይ መጻፍ ያለበት ¬((p → q) ∨ (q → p)) ነው። እርሱ ሲፍታታ ¬(p → q) እና ¬(q → p) ይወጣሉ፤ ከመጀመሪያው p እና ¬q፣ ከሁለተኛው q እና ¬p ይገኛሉ፤ ያለው አንድ ቅርንጫፍም ወዲያው ይዘጋል። ከሰንጠረዡ ጋር ተስማማ ማለት ነው።

ዳዊት፦ አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ይሁን እንጂ ፎርሙላውን ሳልገለብጥ ስሠራ ሁሉም ቅርንጫፎች ክፍት መሆናቸው በራሱ የቫሊድነት ምልክት ሊሆን አይችልም?

ህሊና፦ አይችልም። p → q ን ብቻ ይውሰዱ። ¬p እና q የሚሉ ሁለት ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ሁለቱም ክፍት ናቸው። ነገር ግን p እውነት፣ q ሐሰት ሲሆን ፎርሙላው ሐሰት ነው።

ሰላማዊት፦ መምህር፣ ማብራሪያዎ ግልጽ ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። እርስዎ p → q ን እና r → s ን ሳያፍታቱ ነው ያነበቡት። እንዲህ ማድረግ ይፈቀዳል? ሁሉን ነገር ሳልጨርስ ባነብ ስሕተት ላይ አልወድቅም?

መምህር ገብረ ሥላሴ፦ የሚያሰጋዎት ነገር እውነተኛ ነው፤ በብዙ ተማሪዎች ወረቀት ላይ የማየው ስሕተትም ይኸው ነው። በመጀመሪያ ለምን እንደዘለልኋቸው ልንገርዎ። p → q ሲፍታታ አንዱ ቅርንጫፍ ¬p ይሆናል፤ ¬p ግን በ5ኛው መስመር አስቀድሞ ተጽፏል። ስለዚህ ያ ቅርንጫፍ አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ፎርሙላውም በዚያ ላይ ባለው ነገር እውነት ሆኗል። r → s ም በ6ኛው መስመር እንዲሁ ተሟልቷል። 8 የነበረው ወደ 2 የወረደው በዚህ ምክንያት ነው።

ገና ያልተሟላ ፎርሙላ እያለ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። q → r የሚል አራተኛ መነሻ ሐሳብ ቢጨመር ምን ይሆናል? በግራው ቅርንጫፍ ላይ ¬p፣ ¬r እና q አሉ፤ ቅርንጫፉ ክፍት ይመስላል። አንድ ሰው እዚያ ላይ ቆሞ ቢያነብ q እውነት፣ r ሐሰት ይላል፤ በዚያ ዋጋ ግን አዲሱ መነሻ ሐሳብ ራሱ ሐሰት ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ q → r ን በዚያ ቅርንጫፍ ሥር ማፍታታት ነው፤ ¬q ከ q ጋር፣ r ከ ¬r ጋር ይጋጫል፤ ግራው ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በቀኙ በኩል r ሲዘጋ ¬q ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከእርሱም p፣ q እና r ሐሰት፣ s እውነት የሚል አንድ አፍራሽ ምሳሌ ብቻ ይወጣል። ስለዚህ ያነበቡትን ዋጋ ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያዎቹ ፎርሙላዎች መልሰው ያስገቡ። አንዱ መነሻ ሐሳብ እንኳ ሐሰት ከሆነ የተረሳ ፎርሙላ አለ ወይም አንዱ ሲፍታታ ተሳስቷል።

በዚያው ላይ s → p ቢጨመር ደግሞ የቀረው ቅርንጫፍ በ ¬s እና በ p በሁለቱም በኩል ይዘጋል፤ ሙግቱም ቫሊድ ይሆናል። ያን ዛፍ ሲሠሩ p → q እና r → s አንድም ቅርንጫፍ ለመዝጋት አያስፈልጉም። እኔ በግሌ ታብሎን ከሰንጠረዥ አብልጬ የምወደው ለዚህ ነው፤ መደምደሚያው በየትኞቹ መነሻዎች ላይ እንደቆመ ዛፉ ላይ በዓይን ይታያል።

ዮናታን፦ የ s ነገር አሁን ገባኝ። መዝለሉን በተመለከተ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እኛ በተማርንበት ሕግ አንድ ቅርንጫፍ ተጠናቀቀ የሚባለው ሊፍታታ የሚችል ፎርሙላ ሁሉ ሲፍታታና ምልክት ሲደረግበት ብቻ ነው። መምህር የሠሩት ዛፍ በፈተና ላይ ያልተጠናቀቀ ተብሎ ነጥብ ሊቀነስበት ይችላል።

መምህር ገብረ ሥላሴ፦ እንደ ሕጉ አጻጻፍ ይለያያል። የተሟላ ፎርሙላን መተው የሚፈቅድ አቀራረብ አለ፤ ሁሉም እንዲፍታታ የሚያስገድድም አለ። የሚገኘው ውጤት በሁለቱም አንድ ነው። ሰላማዊት፣ ፈታኝዎ የትኛውን እንደሚከተሉ አስቀድመው ቢጠይቁ ይሻላል። ከዘለሉም ከ p → q ጎን «በ5 ተሟልቷል» ብለው ይጻፉ።

ህሊና፦ ሁሉም እንዲፍታታ የሚያስገድድ ፈታኝ ቢሆንም አንዱን ቅርንጫፍ እስከ መጨረሻው ወስዶ ክፍት መሆኑን ማሳየት ይበቃል እላለሁ። ቫሊድ አለመሆኑን ለማሳየት የቀሩትን 7 ቅርንጫፎች መሳል የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም። ሁሉም እንዲዘጉ የምንፈልገው ቫሊድ መሆኑን ስናረጋግጥ ብቻ ነው።

ዮናታን፦ አንዱን እስከ መጨረሻው መውሰዱ ይበቃል፤ በዚህ እስማማለሁ። ስለ መዝለሉ ግን ሐሳቤን አልቀየርሁም።

ሰላማዊት፦ በግራው ቅርንጫፍ p → q ን በ ¬p፣ r → s ን በ ¬r በኩል አፍታትቼ አንዱን ብቻ ጨረስሁ። p ሐሰት፣ q እውነት፣ r ሐሰት፣ s ሐሰት ብዬ መልሼ ሳስገባ ሦስቱም መነሻዎች እውነት፣ p ∨ r ሐሰት ሆኑ። s ን እውነት አድርጌም ሞከርሁት፤ ያው ነው።